«ሆዴ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

አንድ የምናውቀው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ተዛውሮ ሄደ። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ አማርኛም የአፍ መፍቻ ቋንቋው ስለ ሆነ በንግግር በኩል ችግር ይገጥመኛል ብሎ አላሰበም። ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ ካለች አንዲት ቡና መሸጫ ይመላለስ ጀመር። ቡና የምታፈላው ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ምን ልቅዳልህ፥ ሆዴ?» አለችው። በማግሥቱ «ቆየሁብህ፥ የኔ ጌታ?» አለችው። በሦስተኛው ቀን «ተቀመጥ፥ ዓለሜ» ብላ በርጩማ ስታቀርብለት ወጣቱ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

እሑድ ሲሆን ክራቫቱን አስሮ ሄደና «ስለ እኔ የሚሰማሽን ነገር ዐውቄአለሁ» አላት። ልጅቱ ጀበናዋን እንደ ያዘች ጥቂት ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያም በደጅ ጫማ ወደሚጠርገው ልጅ ዞር ብላ «አንተ፥ እስቲ ንገረው፤ አንተን ምን ብየ ነው የምጠራህ?» አለችው። ልጁም ብሩሹን ሳያስቀምጥ «ሆዴ ነዋ!» ብሎ መለሰ።

ወጣቱ ይህን የነገረን እየሳቀ ነው፤ ነገሩ በደረሰበት ቀን ግን እንዳልሳቀ ለመገመት አያስቸግርም። ይህን ታሪክ ያነሣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚሳሳቱት ስለ ግብር ወይም ስለ እርሻ ሲነጋገሩ ሳይሆን ስለ ፍቅር ሲነጋገሩ መሆኑን ለማሳየት ነው። ግብር ባልገባን ጊዜ እንጠይቃለን፤ የፍቅር ቃል ባልገባን ጊዜ ግን መጠየቁን እናፍርና በራሳችን አገር ትርጉም እንተረጉመዋለን።

በመጀመሪያ «ሆዴ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በአማርኛ የርኅራኄና የፍቅር መቀመጫው ከሁሉ አስቀድሞ ሆድና አንጀት ነው። ሰው ሲያዝን «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ ሲጨነቅ ሆዱን ባር ባር ይለዋል፤ ያሳዘነው ወይም የማረከው ሰው «አንጀቴን በላው» ይባላል። ልብ ደግሞ በጥንቱ አነጋገር ይልቁንም የማሰቢያ ስፍራ ነው፤ «ልብ በል» ማለት አስተውል ማለት ሲሆን «ልበ ቢስ» የሚባለውም የማያስተውል ሰው ነው። «የተሰበረ ልብ» የሚለው አነጋገር እንኳ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ የተጸጸተውን ሰው ያመለክታል እንጂ ፍቅረኛው የተለየችውን አይደለም። ዛሬ በከተማ «ልቤን ሰበረችው» የሚለው ወጣት የሚናገረው ከፊልም የተማረውን ነው፤ «ሆዴ» የምትለው የጎንደር ቡና ሻጭ ግን የምትናገረው ከአያትዋ የሰማችውን ነው።

እንግዲህ «ሆዴ» ማለት «አዝንልሃለሁ፥ እራራልሃለሁ፥ እንደ ራሴ ሰው አይሃለሁ» ማለት ነው። እናት ለልጅዋ፥ ነጋዴ ለደንበኛዋ፥ አሮጊት ለመንገደኛው ትለዋለች፤ ሴት ለምትወደው ሰውም ትለዋለች። «ዓለሜ» እና «የኔ ጌታ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። የጥንቷ ሚስት ባልዋን በስሙ ለመጥራት ታፍር ስለ ነበር፥ «ጌታዬ» ማለት ለእርስዋ ክብርም ፍቅርም ነበር፤ ይኸው ቃል ለእንግዳ ሲነገር ደግሞ ደግነት ብቻ ይሆናል። በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ግን አንዲት ጸሐፊ ለባለጉዳይ «ሆዴ» ብትል ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያታል። ቃሉ በሁለቱም ከተማ አንድ ነው፤ የተለየው የሚባልበት ስፍራ ስፋት ነው። በአንዱ አገር እንደ አደባባይ ለሁሉ ክፍት ነው፤ በሌላው አገር እንደ እልፍኝ ለአንድ ሰው ብቻ ይከፈታል።

ታዲያ እውነተኛውን እንዴት መለየት ይቻላል? ይህንን የጠየቅናቸው አንድ የወገራ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ የሥራ ባልደረባችን የሰጡን መልስ አጭር ነው፤ «በሰው ፊት ጮክ ተብሎ የተነገረውን ለሁሉም እንደ ተነገረ ቍጠረው፤ ለብቻህ ቀስ ተብሎ የተነገረውን ግን አስብበት» አሉን። ከዚህ የተሻለ መመዘኛ እኛም አላገኘንም።

ወደ ወጣቱ እንመለስ፤ ታሪኩ በቡናው ቤት አላበቃምና። ከጥቂት ወራት በኋላ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከዳባት ከመጣች፥ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከምትማር ልጅ ጋር ተዋወቀ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ ከየአገሩ የመጣው ወጣት በአንድ ግቢ ስለሚውልበት የአማርኛ ዘዬዎችም አብረው ይውሉበታል። ወጣቱ በዚህ ጊዜ ተጠንቅቆ፥ ብዙ ሳምንት ጠብቆ፥ አሳቡን በስልክ መልእክት ጽፎ ላከላት። ከሁለት ቀን በኋላም መልስ መጣለት፤ «ያልኸኝን ሰምቸ እሽ ብያለሁ፤ እኔም ወድጀሃለሁ» ይላል።

ወጣቱ ደስታው ወሰን አልነበረውም። ከደስታው ብዛትም የተነሣ ሊቀልድ ፈለገና «ያልከኝን፥ ሰምቼ፥ እሺ፥ ወድጄሃለሁ ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ከዐሥር ስድስት አግኝተሻል» ብሎ መለሰላት። ልጅቱም ከዚያን ቀን ወዲያ ሁለት ወር ሙሉ አልጻፈችለትም።

እስቲ ይህን የእርማት ወረቀት እኛም እንመርምረው። በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ወጣቱ አራት ስሕተት አገኘሁ ብሏል። በእኛ ግምት ግን አንድም ስሕተት የለባትም።

የመጀመሪያው «ያልኸኝ» የሚለው ነው። በግዕዝ «እኔ» የሚለው የግሥ መጨረሻ «ኩ»፥ «አንተ» የሚለው «ከ» ነው። ይህ «ከ» በአማርኛ እየላላ ሄዶ «ኸ»፥ ከዚያም «ሀ» ሆነ። የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱንም ይዞአል፤ ከአናባቢ በኋላ ሲሆን «መጣሁ፥ መጣህ» ይላል፤ ከተነባቢ በኋላ ሲሆን ግን «ወደድኩ፥ ወደድክ» ይላል። የጎንደርና የጎጃም ሰው ግን በሁለቱም ስፍራ አንዱን መንገድ ይከተላል፤ «መጣሁ» እንዳለ ሁሉ «ወደድሁ»፥ «መጣህ» እንዳለ ሁሉ «ወደድህ» ይላል። ስለዚህ አዲስ አበቤው «ወደድኩሽ» ሲል ጎንደሬው «ወደድሁሽ» ይላል። የትኛው ትክክል ነው የሚል ቢኖር፥ በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይግለጥ፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን መውደዱን ሲናገር የተጻፈው «ወደድኋችሁ» ተብሎ ነው። ከተሜው የሚስቅበት የገጠር ቃል በየቤተ ክርስቲያኑ ሲነበብ ከተሜው ራሱ ቆሞ ያዳምጠዋል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው «ሰምቸ» እና «ወድጀ» የሚሉት ናቸው። እነዚህ በአንድ ሕግ ይመራሉ። በጎንደርና በጎጃም አነጋገር በ«ቸ»፥ በ«ጀ»፥ በ«ሸ»፥ በ«ዠ»፥ በ«የ» እና እነዚህን በመሰሉ ለስላሳ ድምፆች ላይ ኃምሱ ፊደል ወደ ግዕዙ ይመለሳል፤ «ሰምቼ» የነበረው «ሰምቸ»፥ «ጨርሼ» የነበረው «ጨርሸ»፥ «ይዤ» የነበረው «ይዠ»፥ «ብዬ» የነበረው «ብየ» ይሆናል። አራተኛው «እሽ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ በእነዚሁ ለስላሳ ድምፆች ላይ ሣልሱ ሳድስ ይሆንና «እሺ» «እሽ»፥ «አንቺ» «አንች»፥ «ሂጂ» «ሂጅ» ይባላል።

ይህ ከስሕተት የሚለየው በምንድን ነው? ስሕተት ሥርዓት የለውም፤ ዘዬ ግን ሥርዓት አለው። የዳባቷ ልጅ መቶ ደብዳቤ ብትጽፍ «ሰምቸ»፥ «ይዠ»፥ «ጨርሸ» ስትል ትገኛለች፤ ነገር ግን «አንብቤ» ለማለት «አንብበ»፥ «ፍቅሬ» ለማለት «ፍቅረ» ብላ አትጽፍም፤ ምክንያቱም «በ» እና «ረ» ከለስላሶቹ ወገን አይደሉም። ስለዚህም «ሆዴ»፥ «ዓለሜ»፥ «ውዴ» የሚሉት በጎንደርም በአዲስ አበባም አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ልጄ» ግን በጎንደር «ልጀ» ይሆናል። ፊደል ያልለየ ሰው እንዲህ ያለውን ድንበር ሳይስት ሊጠብቅ አይችልም። ልጅቱ ድንበሩን የጠበቀችው ማንም ሳያስተምራት፥ ከእናትዋ አፍ ተቀብላ ነው። አስተማሪዎችም የተማሪን ደብተር ሲያርሙ ይህንን መመዘኛ ቢጠቀሙበት መልካም ይመስለናል፤ አንድ ዓይነት መልክ ያለው ልዩነት ሲደጋገም ስሕተት ከማለት በፊት የልጁን አገር መጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ ግን ወሰኑንም መናገር አለብን። እነዚህ ምልክቶች ጎንደርን ከአዲስ አበባ ይለያሉ እንጂ ጎንደርን ከጎጃም አይለዩም። ስለዚህ «ወድጀሃለሁ» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው የጸሐፊዋን አውራጃ ዐወቅሁ ቢል ይቸኩላል። ሀብተ ማርያም ማርቆስ በ1973 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ የጎጃምን፥ የጎንደርን፥ የወሎንና የመንዝን አነጋገር ከአዲስ አበባው ጋር አነጻጽረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ትምህርት ቤት፥ ራዲዮ፥ ቴሌቪዥንና ስልክ ዘዬዎችን ይበልጥ አቀላቅለዋቸዋል። የጎንደር ከተማ ወጣት ዛሬ ከአያቱ ጋር «ወደድሁ»፥ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር «ወደድኩ» ሲል ይሰማል። የዳባቷ ልጅም «ወደድኩ» ብላ መጻፍ ሳትችል ቀርታ አይደለም። በገዛ አነጋገርዋ የጻፈችው ነገሩ የእርስዋ የራስዋ ጉዳይ ስለ ሆነ ነው። ለቢሮ የሚጻፍ ማመልከቻ ቢሆን ኖሮ በሌላ መልክ በጻፈችው ነበር። ወጣቱ ያልገባውም ይኸው ነው፤ የቤቷን ቋንቋ የከፈተችለት ለእርሱ ብቻ መሆኑን አላወቀም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ድምፅ ልዩነት ነው። የትርጉም ልዩነት ሲሆን ነገሩ ከዚህ ይብሳል፤ ለዚህም «ወዳጅ» የሚለው ቃል በቂ ምስክር ነው። ወጣት ሹማምንት ይህን ቃል የሚያውቁት ከመንግሥት ደብዳቤና ከጋዜጣ ነው፤ «ወዳጅ አገሮች»፥ «የወዳጅነት ውል» ይባላል። በገጠር ግን ስለ አንዲት ባለትዳር ሴት «ወዳጅ አላት» ከተባለ የተነገረው ስለ መንግሥታት ግንኙነት አይደለም። ወጣታችንም ልጅቱ ዝም ባለችበት ወራት ይቅርታ ለመጠየቅ ብሎ የጻፈውን ደብዳቤ «ውድ ወዳጄ ሆይ» ብሎ ጀመረው፤ ደብዳቤውም በዘመድ እጅ ስለ ተላከ መጀመሪያ ያነበቡት አጎትዋ ናቸው። ከዚያ በኋላ አጎትዬውን ለማስረዳት የፈጀውን ጊዜ አንባቢ ይገምተው። «ባልንጀራዬ» ቢል ምንም አልነበረም። «ጓደኛዬ» ቢልም በዳባት ባላስከፋ፥ በአዲስ አበባ ግን ዛሬ ፍቅረኛን የሚያመለክት ሆኖአልና እዚያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ባስነሣ ነበር።

የከተማው የወጣቶች አነጋገርም እንዲሁ በገጠር ጆሮ ሲገባ መልኩ ይለወጣል። በአዲስ አበባ ወጣት ሴትን ለማግባባት የሚደረገው ነገር ሁሉ «መጥበስ» ይባላል፤ በጣፋጭ ቃል መደለሉም «መጀንጀን» ነው። «ልጅቱን እየጠበሳት ነው» የሚለውን ንግግር አንዲት የደጋ አሮጊት ብትሰማው በመጀመሪያ የሚታያት ምድጃ ነው። ከተማው ፍቅርን ከማድ ቤት ቃል ወሰደ፤ ገጠሩ ከሆድና ከአንጀት ወሰደ። ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ የሚናገረው ስለ አደራረጉ፥ ሌላው የሚናገረው ስለ ስሜቱ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ይህ ነገር በእኛ ቋንቋ ብቻ የደረሰ አይደለም። የእስፓኝ ቋንቋ በብዙ አገር ስለሚነገር እንዲህ ያለው መሰናክል ሞልቶበታል። በእስፓኝ አገር «ጓፖ» ማለት መልከ መልካም ማለት ሲሆን አንድን ወጣት ደስ ያሰኛል፤ በኩባ ግን ይኸው ቃል ጠበኛ ወይም ጉልበተኛ የሚባለውን ሰው ያመለክታል። ፍቅረኛን በብዙ አገር «ኖቪዮ» ሲሉት በቺሌ «ፖሎሎ» ይሉታል፤ ቃሉ ከአገሬው ከማፑቼ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የሚጮኽ የጥንዚዛ ዓይነት ስም ነው፤ በአበባ ዙሪያ እያጉረመረመ ከሚዞር ነፍሳት ጋር ጎረምሳን ማመሳሰል ግሩም አስተያየት ነው። «ናፈቅሽኝ» ለማለትም በእስፓኝ አገር «ቴ ኤቾ ዴ ሜኖስ» ሲባል በደቡብ አሜሪካና በሜክሲኮ ብዙውን ጊዜ «ቴ ኤክስትራኞ» ይባላል። የሜክሲኮው ሰው የእስፓኙን አነጋገር ሲሰማ ባዕድነት ይሰማው ይሆናል እንጂ «ስሕተት ነው» ብሎ ቀይ እርሳስ አያነሣም። በሶርያና በሊባኖስ ዐረብኛ ደግሞ የሚወዱትን ሰው «ቱእቡርኒ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «አንተ ቅበረኝ» ማለት ነው፤ ያለ አንተ ከምኖር አስቀድሜ ልሙት ለማለት ነው። ይህን የሌላ አገር ዐረብ ሲሰማ ይደነግጣል፤ «በሞቴ» እና «አፈር ስሆን» እየተባለ ለሚጎረሰው ለእኛ ሰው ግን እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። ለመንግሥት ደብዳቤ አንድ ወጥ አጻጻፍ ያስፈልጋል፤ የደባርቅ ጸሐፊ የጻፈውን የጂማ ጸሐፊ ሳይቸገር እንዲያነብበው ግድ ነው። ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ወጣት ሹም ግን ይህን የቢሮ ሚዛን ወደ ሰው ቤት ይዞ መግባት የለበትም። የሰማው ቃል የራሱን ባይመስለው፥ በመጀመሪያ ሥርዓት ያለው መሆን አለመሆኑን ያጢን፤ ቀጥሎም ማን ለማን፥ በማን ፊት እንደ ተናገረው ይመልከት፤ ከዚያ በኋላም ካልገባው ሳያፍር ይጠይቅ። ከእነዚህ በፊት ከሳቀ ግን ያጣውን ነገር ሳያውቀው ይቀራል። በተለይም ሰው በእናቱ አፍ የጻፈውን የፍቅር ቃል ማረም፥ ቃሉን ሳይሆን እናቱን ማረም ስለ ሆነ በቀልድም ቢሆን አይገባም።

ወጣቱ በመጨረሻ ያደረገውን እንንገርና እንፈጽም። የወገራው ሽማግሌ መክረውት ዳባት ድረስ ሄዶ አጎትዋን ይቅርታ ጠየቀ፤ ለልጅቱም አዲስ ደብዳቤ ሰጣት። በደብዳቤው ውስጥ የጎንደሬ ነኝ ብሎ አልተመጻደቀም፤ «በእኔ አፍ ወደድኩሽ፤ በአንች አፍ ወደድሁሽ፤ ከሁለቱ የወደድሽውን ውሰጅ» ብሎ ብቻ ጻፈ። እርስዋም አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «እሽ፥ ሆዴ» አለችው።

ወጣቱ የቡናው ቤት ነገር ትዝ አለውና «ይህን ለሁሉም ነው የምትይው?» ብሎ ጠየቃት።

«አዎን፥ ለሁሉም እላለሁ» አለችው፤ «ላንተ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያልሁት፤ አልሰማህም?»